ሦስቱ የፈተና ጥያቄዎችና አሥሩ በጎች፦ የሥራ ፈጣሪ ባሕርይ፣ የንግድ ዕቅድና የመነሻ ገንዘብ ምንጭ



የሥራ ፈጠራ መግቢያ ኮርስን ፈተና ለዓመታት ሳርም ሦስት ጥያቄዎች ሳይቀሩ አይቻለሁ። አንዱ የሥራ ፈጣሪን ባሕርያት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው የንግድ ዕቅድ ክፍሎችን፤ ሦስተኛው ደግሞ አነስተኛ ድርጅት የመነሻ ገንዘብ ከየት እንደሚያገኝ። ተማሪው ሦስቱንም በቃሉ ይዞ፣ ሦስቱንም ዘርዝሮ፣ ሙሉ ነጥብ ይወስዳል። እኔ ግን ዛሬ ማሳየት የምፈልገው ሦስቱ ጥያቄዎች በእውነተኛ ሥራ ላይ አንድ ጥያቄ መሆናቸውን ነው፤ ይኸውም ገንዘቡ መቼ ይገባል፣ መቼስ ይወጣል የሚለው ነው።

ለማስረጃ ሩቅ አንሄድም። እዚሁ ደባርቅ ለፋሲካ በግ አሞክቶ ለመሸጥ የተነሣ አንድ ወጣት እናስብ። ዋጋዎቹን ለስሌት እንዲመቹ እኔ የገመትኳቸው ስለሆኑ፣ እናንተ በዕለቱ የገበያ ዋጋ ተኳቸው። ወጣቱ የገናና የጥምቀት ግርግር ካለፈ በኋላ፣ በጥር አጋማሽ፣ አሥር በጎች እያንዳንዳቸውን በ6,000 ብር ይገዛል። ዘጠና ቀን ይቀልባቸዋል። አንድ በግ ከድርቆሹ ሌላ በቀን 300 ግራም ያህል የፋጉሎና የፉርሽካ ድብልቅ ቢበላ፣ ለአሥሩ በጠቅላላው 270 ኪሎ ድብልቅ ያስፈልጋል። ለድብልቁ 8,100፣ ለድርቆሹ 5,400፣ ለክትባትና ለጥገኛ ትላትል መድኃኒት 1,000፣ ለገመድ፣ ለጨውና ለማጓጓዣ 1,500 ብር ስንይዝ፣ ከበጎቹ ግዢ ጋር ጠቅላላ ወጪው 76,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 16,000 ብሩ የራሱ ቁጠባ ነው፤ 10,000 ብር ከቤተሰብ ያገኛል፤ 50,000 ብር ደግሞ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ይበደራል። ፋሲካ በሚያዝያ አጋማሽ በሚውልበት ዓመት አንዱን ሙክት በ8,800 ብር ቢሸጥ 88,000 ብር ይሰበስባል። የሦስት ወሩ ወለድ 2,250 ብር ስለሆነ 9,750 ብር ይተርፈዋል። የራሱን የዘጠና ቀን ድካም ግን ገና አልቆጠርነውም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። «ከሚከተሉት ውስጥ የሥራ ፈጣሪ ባሕርይ ያልሆነው የቱ ነው?» ሲባል ተማሪን የሚያስተው «ስጋትን መድፈር» የሚለው ምርጫ ነው። ዴቪድ ማክሌላንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፉ ያስተዋወቀው አስተሳሰብ ከዚህ ይለያል። ቀለበት ወርውሮ በእንጨት ላይ የማጥለቅ ጨዋታን እናንሣ። ለውጤት ከፍተኛ ፍላጎት ያላቸው ሰዎች ከእንጨቱ ሥር አይቆሙም፤ ዕድል ብቻ ከሚወስነው ሩቅ ቦታም አይወረውሩም። ችሎታቸው ለውጥ ከሚያመጣበት መካከለኛ ርቀት ላይ ይቆማሉ። እንግዲህ የሥራ ፈጣሪው ባሕርይ የተመዘነ ስጋትን መቀበል ነው ስንል፣ መመዘኑ የት እንዳለ ማሳየት አለብን።

የወጣቱ ስጋት በቀላሉ ይመዘናል። አንድ በግ ሊሸጥ ሲቃረብ ቢሞትበት 8,800 ብር ያጣል፤ ትርፉም ወደ 950 ብር ይወርዳል። ሁለት ቢሞቱበት 7,850 ብር ይከስራል። ስለዚህ ይህ ሥራ የሚችለው አንድ ሞት ብቻ ነው። ይህን ቁጥር ሳያውቅ የገባ ሰው ደፋር ሊባል ይችላል፤ መዛኝ ግን አይደለም። ቁጥሩን ያወቀ ሰው በጎቹን ከሌላ መንጋ ሳይቀላቅል ለብቻ ያቆያል፣ ድብልቁን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በትንሽ በትንሹ ያስለምዳቸዋል፤ በድንገት በብዛት የቀረበ ፉርሽካ በግን ነፍቶ ይገድላልና። ለክትባቱ ያወጣው 1,000 ብርም አይቆጨውም።

የንግድ ዕቅድ ክፍሎችን በተመለከተ ብዙ አልቆይም። አጠቃላይ መግለጫ፣ የምርቱ ማብራሪያ፣ የገበያ ጥናት፣ የምርት ሂደት፣ አስተዳደር፣ የፋይናንስ ዕቅድ። ፊት የሚቀመጠው አጠቃላይ መግለጫ መጨረሻ ላይ እንደሚጻፍም ታውቃላችሁ። እኔ ሳርም መጀመሪያ የምገልጠው ግን የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱን ገጽ ነው። ብዙ ተማሪ ትርፍና ኪሳራውን በደንብ ያሰላና ይህን ገጽ ይዘለዋል። በእኛ ምሳሌ ይህ ገጽ እጅግ አጭር ነው፤ በጥር ብዙ ገንዘብ ይወጣል፣ በየካቲትና በመጋቢት ለመኖ ጥቂት ይወጣል እንጂ ምንም አይገባም፣ በሚያዝያ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይገባል። በመካከሉ የዐቢይ ጾም 55 ቀናት አሉ፤ በእነዚህ ቀናት ሥጋ ፈላጊ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ነው ሦስተኛው ጥያቄ የሚመጣው። ብድሩ በዓመት የሚያልቅ፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በየወሩ የሚከፈል ከሆነ፣ ወጣቱ በየካቲትና በመጋቢት አጋማሽ እያንዳንዳቸው 4,900 ብር ያህል መክፈል ይጠበቅበታል። ከየት ያመጣል? ያልደለበ በግ በገዛበት ዋጋ ሸጦ። ሁለት በጎች በዚህ መንገድ ሲሄዱ 5,600 ብር የሽያጭ ብልጫ ያጣል፤ ከመኖ 1,350 ብር ያህል ቢቆጥብም፣ ትርፉ ከ9,750 ወደ 5,500 ብር ገደማ ይወርዳል። ያ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሞት የሚችለው ሥራ አሁን አንድም አይችልም። ልብ በሉ፤ የወለዱ መጠን አልተለወጠም፤ እንዲያውም ዋናው ዕዳ እየቀነሰ ስለሚሄድ የሚከፍለው ወለድ ያንሳል። ሥራውን የጎዳው የክፍያው ቀን ነው። ስለዚህ ተበዳሪ ወለዱ ስንት ነው ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ ዋናውን ከሽያጭ በኋላ በአንድ ጊዜ መክፈል ይቻል እንደሆነ ይጠይቅ።

«ታዲያ ወለድ የሌለው ዕቁብስ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። አሥር ሰዎች በየወሩ 5,000 ብር ቢጥሉ 50,000 ብር ይሆናል። ዕጣው መጀመሪያ የወጣለት ሰው ግን በእውነቱ ተበዳሪ ነው፤ በቀሩት ዘጠኝ ወራት 5,000 ብር ይከፍላል። መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ቆጣቢ ነው፤ ለእርሱ ዕቁቡ የመነሻ ገንዘብ የሚሆነው ለሚቀጥለው ዓመት ነው። በጥር ዕጣ የወጣለት በግ አሞካች ከወርኃዊው ብድር ጋር አንድ ወጥመድ ውስጥ ይገባል፤ ወለድ ባይኖርበትም። ከሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወርደን ድብ ባሕር በመንገዱ ዳር ሻይ ቤት የምትከፍት ሴትን ብናስብ ግን ያው ዕቁብ ለእርሷ ይስማማል፤ ገቢዋ በየዕለቱ ነውና ከሳንቲሙ እየቆጠበች ወሩን ትደርስበታለች።

የዋስትና ጉዳይም አለ። ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በገጠር በስፋት ያስለመደው የቡድን ዋስትና፣ ንብረት ለሌለው ሰው በር ከፍቷል። ዋጋው ግን የአንዱ በግ ሲሞት ጎረቤቶቹ መክፈላቸው ነው፤ አምስቱም የቡድን አባላት በግ ካሞከቱ ደግሞ አንድ ወረርሽኝ ሁሉንም ባንድ ቀን ያስይዛቸዋል። የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትንም በዋስትና ለማስያዝ አስችሏል። ለወተት ላም ወይም ለጭነት በቅሎ ይህ ምቹ ነው። በሦስት ወር ተሸጦ ለሚታረድ በግ ግን አበዳሪው ቢያመነታ አልፈርድበትም።

ከዚህ በኋላ በፈተናዬ ላይ «የመነሻ ገንዘብ ምንጮችን ዘርዝር» የሚለውን ጥያቄ አታገኙትም። በምትኩ የአንድ ድርጅት የዓመት የገንዘብ ፍሰት ይሰጣችኋል፤ የትኛው ምንጭ፣ በየትኛው ወር፣ በምን የአከፋፈል ውል እንደሚስማማው ትጽፋላችሁ።