ያልደረቀው ሹራብ

«ሀገሬ ሆይ፣ ምን ያህል እንደናፈቅሽኝ ማን ይንገርሽ! ያ የዋህ ሕዝብ፣ ያ ንጹሕ አየር፣ ያ የልጅነት ዓለም ዛሬ የት አለ? እናቴ ቡና ስታፈላ የዕጣኑ ሽታ ቤቱን ይሞላው ነበር። ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰብ ነበር። ክረምት ሲመጣ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ ሲደበድበው እንደ ሙዚቃ ይሰማኝ ነበር። ሹራባችን ስለማይደርቅ ከሰል ላይ ይደርቅልን ነበር። ያኔ ፍቅር ነበር፤ ዛሬ ግን ሁሉም ሩጫ ነው። በባዕድ ሀገር ገንዘብ አለ፤ ሰው ግን የለም። ትዝታሽ በልቤ ለዘላለም ይኖራል።»

ይህን የጻፈችው ደሴ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ከተማ የምትኖር ሴት ናት። እዚያ ያሉ የከተማዋ ልጆች ለአዲስ ዓመት በሚያዘጋጁት ትንሽ መጽሔት ላይ እንዲወጣላት አስባ፣ እንዳርምላት ላከችልኝ። ስሟን ትቼ የሠራነውን ለአንባቢ እንዳሳይ ፈቅዳልኛለች። የምትለው ሁሉ እውነት ነው፤ ስትጽፈውም እንዳለቀሰች ነግራኛለች። አንባቢው ግን አያለቅስም፤ እኔ የፈለግሁት የዚህን ምክንያት ማግኘት ነበር።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማደርገው የከተማውን ስም በልቤ መለወጥ ነው። ደሴ የሚለውን አውጥቼ ጎንደር፣ ሐረር ወይም ጅማ ብዬ አነበዋለሁ። እዚህ ላይ ለመለወጥ እንኳ የከተማ ስም የለም። ከ«ሀገሬ ሆይ» እስከ «የት አለ?» ያለውን የካርቱም ሰው ስለ ካርቱም፣ የሶርያ ስደተኛ ስለ ደማስቆ ሳይቀንስ ሳይጨምር ሊለው ይችላል። «ያ የዋህ ሕዝብ፣ ያ ንጹሕ አየር» የሚለው «ያ» ደግሞ አንባቢው ነገሩን አስቀድሞ የሚያውቀው ይመስል ወደ ሩቅ ይጠቁማል፤ ምን እንደሚያሳይ ግን አይናገርም።

ቡናው ትንሽ ከበድ ይላል። እናቷ ቡና ማፍላቷን፣ ዕጣን ማጨሷን፣ ጎረቤት መጥራቷን ማንም አይጠራጠርም። ችግሩ ግን ይህን ሥዕል ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሁሉ በቤቱ ይዞታል፤ «ዕጣን» የሚለውን ቃል እንዳነበበ የሚመጣለት የገዛ እናቱ ቤት ነው። የጸሐፊዋ እናት ሳትታይ ታልፋለች። ቡና አይጻፍ ማለቴ አይደለም። አንድ ቀን ቡናው ባያልቅ፣ ወይም ጎረቤት የተጣላ ዕለት የቀረ ስኒ ቢኖር፣ ያ የዚያ ቤት ቡና ይሆናል። እዚህ ግን እንዲህ ያለ ነገር ስላልነበረ ወጣ።

የቀረው የሹራቡ ዐረፍተ ነገር ነው። አጭር፣ ከሁሉም ያልተጌጠ ነው፤ በሁለት ረዘም ያሉ የስሜት ሐረጎች መካከል ተደብቋል። እንዲህ ያለውን ቦታ መለየት የሚቻለው ጸሐፊው ሳይጨነቅበት በማለፉ ነው። ምን እንደተሰማት ለመግለጽ ሳይሆን የሆነውን ለመናገር የጻፈችው ይህን ብቻ ነው።

በዐረፍተ ነገሩ ላይም ሁለት ነገር ተሸፍኗል። አንደኛው «ነበር» ነው። ይሞላው ነበር፣ ይሰበሰብ ነበር፣ ይደርቅልን ነበር፦ ይህ የግስ አካሄድ ብዙ ቀኖችን አንድ ላይ ያጠፈ ነው። ብዙ ጊዜ የሆነን ነገር ለመናገር ይጠቅማል፤ ነገር ግን ከአንዱም ቀን ውስጥ አያስገባም። ልጅነታችንን ስንጽፍ ሁላችንም ወደዚህ እናዘነብላለን፤ በማንበብ ጊዜ ግን ሁሉም ነገር በጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስላል። መድኃኒቱ ከብዙዎቹ ቀኖች አንዱን መምረጥና «አደረቀች፣ ተቃጠለ፣ ለበስኩት» ብሎ መጻፍ ነው። ሁለተኛው ሽፋን አድራጊው አለመታወቁ ነው። «ይደርቅልን ነበር» ስትል ሹራቡ በራሱ የሚደርቅ ይመስላል። ማን ያዘው? ማን አገላበጠው?

ስልክ ደውዬ እነዚህን ጠየቅኋት፤ በየትኛው ወር እንደሆነም ጨምሬ። «ክረምት» አለችኝ። ክረምት ከሆነ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ የትምህርት ቤት ሹራብ ለነገ መድረቁ ማንንም አያስጨንቅም። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ሰኔ ነው፣ የሚኒስትሪ ሰሞን» አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ዋዜማ፣ ያላት ሹራብ አንድ ብቻ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰኞ ገበያ ላይ ዝናብ እንደያዛት ራሷ ተናገረች። ወሩ ሲስተካከል ጭንቀቱም ተገኘ። የቀን መቁጠሪያንና የዝናብን ወቅት ማመሳከር ለትክክለኛነት ብቻ የሚደረግ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ታሪኩ ተደብቆ የሚገኘው እዚያ ነው። በፋሲካ አደይ አበባ የፈነዳባቸው፣ በጥምቀት ጎርፍ የወረደባቸው የናፍቆት ጽሑፎች አንብቤያለሁ፤ ጸሐፊዎቹ አልዋሹም፣ የሚወዷቸውን ነገሮች ሁሉ አንድ ቀን ላይ ሰብስበው ነው እንጂ።

ሹራቡን ያደረቀችው እናቷ እንደሆነች ነበር የምታስበው። እርግጠኛ እንድትሆን ደሴ ያለችውን ታላቅ እህቷን እንድትጠይቅ ለመንኳት። እህቷ «እማዬ ያን ሳምንት ኮምቦልቻ አክስታችን ጋ ነበረች፤ እኔ ነኝ ያደረቅሁት፤ እጅጌውን ያቃጠልኩብሽም እኔ ነኝ» አለቻት። ስለ ተቃጠለው እጅጌ ጸሐፊዋ ፈጽማ ረስታ ነበር። እህቷ ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልረሳችውም።

ጽሑፉ እዚህ ላይ ባለቤት አገኘ። ሀገር፣ ሕዝብ፣ ልጅነት የሚሉት ትልልቅ ስሞች በአንዲት እህት ተተኩ። ደስ የማይለው ነገርም ገባ፦ የተቃጠለ ጨርቅ፣ ከሰሉ እንዳይመርዛቸው ገርበብ ብሎ የተተወ በር፣ በዚያ በር የሚገባ ብርድ። ናፍቆትን የሚያጣፍጡ ጸሐፊዎች መጀመሪያ የሚያወጡት እንዲህ ያለውን ነው። እኔ ግን ይህን የመጨረሻ ሰው ሆኜ እከላከለዋለሁ፤ ምክንያቱም ብርዱ ባይኖር ኖሮ የእህቷ ማምሸት ዋጋ አይኖረውም።

ስለ ቨርጂኒያ የተጻፈውም መታረም ነበረበት። «ገንዘብ አለ፤ ሰው ግን የለም» ማለት የምትኖርበትን ቦታ ባዶ ያደርገዋል፤ ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ ማንም ሰው አይናፍቅም። ናፍቆት የሚነሣው ከአንድ ነገር ፊት ሲደርሱ ነው። ልብስ ስታጥብ ትዝ ይላት እንደሆነ ጠየቅኋት። በምትኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ማጠቢያና ማድረቂያ ማሽኖች አሉ፤ የልጇን ሹራብ ከማድረቂያው ስታወጣ ትኩስ መሆኑን ነገረችኝ። ይህ በቂ ነበር።

በዚህ ረገድ አንድ ታላቅ ምሳሌ አለን። ዲናው መንግስቱ ገና የሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ነው ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የሄደው። በ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በእንግሊዝኛ ባሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ሰፋ እስጢፋኖስ የተባለ ኢትዮጵያዊ ዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለው። ከኮንጎና ከኬንያ ከመጡ ሁለት ጓደኞቹ ጋር እየተገናኘ ይጫወታል፤ ጨዋታቸው አንዱ የአፍሪካ አምባገነን ስም ሲጠራ ሌሎቹ ሀገሩንና ዓመቱን ማወቅ ነው። ሦስቱም ሀገራቸውን ያጡበት ነገር በጨዋታው ውስጥ አለ። በዚያች ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ስምና ዓመተ ምሕረት ሲጠራሩ፣ ስንት ነገር ተሸክመው እንደመጡ አንባቢው ራሱ ይደርስበታል።

ወደ ደሴዋ ልጅ ልመለስ። በሩ ከተከፈተ በኋላ ሌላ ፈተና መጣ፦ ትዝታው ጎረፈ። የሹራቡን ቀለም፣ የፈተና ክፍሉን ቁጥር፣ የከሰሉን ዋጋ፣ ከጎኗ የተቀመጠችውን ልጅ ሁሉ ጽፋ ላከችልኝ። ዝርዝር መብዛቱ ከስሜት መብዛት ያላነሰ ያደክማል፤ ጽሑፉን የዕቃ መዝገብ ያደርገዋል። እኔ የምጠቀምበት መለያ ቀላል ነው፤ አንድ ዝርዝር የሚቆየው ሌላ ዐረፍተ ነገር ሲፈልገው ብቻ ነው። የግራ እጅጌው ከማድረቂያው ማሽን ፊት ስለሚያስፈልግ ቆየ። በሩ ብርዱን ስለሚያስገባ ቆየ። ቀለሙን የሚጠይቅ ሌላ ዐረፍተ ነገር ስለሌለ ወጣ።

ከብዙ ምልልስ በኋላ እንዲህ ሆነ፦

«ሰኔ ላይ ደሴ ሲዘንብ ሹራብ በአንድ ሌሊት አይደርቅም። እኔ የነበረኝ ደግሞ አንድ ነው። የሚኒስትሪ ፈተና ዋዜማ ሰኞ ገበያ ላይ ዝናብ ያዘኝና በስብሼ ገባሁ። ማታ እህቴ ከሰል አቀጣጠለች፤ ሹራቡን በሁለት እጇ ወጥራ ማንደጃው ላይ ያዘችው። ከሰሉ እንዳይመርዘን በሩን ገርበብ አድርጋ ስለተወችው ከጦሳ የሚወርደው ብርድ እግራችንን በላው። እኔ ደብተሬን እንደያዝኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠዋት ሹራቡ ደርቋል፤ የግራ እጅጌው ጫፍ ግን ተቃጥሏል። እጅጌዬን አጥፌ ተፈተንኩ። አሁን አሌክሳንድሪያ፣ ምድር ቤት ወርጄ የልጄን ሹራብ ከማድረቂያው ሳወጣ ትኩስ ነው፤ መጀመሪያ የማየው የግራ እጅጌውን ነው። እትዬ፣ ያን ሌሊት ስንት ሰዓት እንደተኛሽ ጠይቄሽ አላውቅም። ናፍቀሽኛል።»

ከመታተሙ በፊት እህቷ አንብባ እንድትፈቅድ ተላከላት፤ ስለ እሷ የተጻፈ ነውና። አንድ ነገር ብቻ አሳረመች፦ ሹራቡን የያዘችው ወጥራ ሳይሆን በማገላበጥ ነበር። እኛም ለታተመው ያንን ጻፍን።

መጀመሪያ ላይ «ናፈቅሽኝ» የተባለችው ሀገር ነበረች። በመጨረሻው ጽሑፍ ቃሉ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንድ ሰው ተነግሯል፤ አንባቢውም እዚያ ሲደርስ ምክንያቱን ያውቀዋል። ስለዚህ አላወጣሁትም። «ትዝታሽ በልቤ ለዘላለም ይኖራል» የሚለው ግን ይመለስልኝ ብላኝ ነበር። ሁለቱንም አድርገን በስልክ ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብናቸው። ዐረፍተ ነገሩ ከ«ናፍቀሽኛል» በኋላ ሲመጣ እህቷ ተመልሳ ሀገር ሆነች፤ እሷም ሰምታው «አይ፣ ይቅር» አለች።