የሽንት ቀለም፦ ውኃ ሲጎድልና ነገሩ ከውኃ ሲያልፍ

በስፖርተኞች ልብስ መቀየሪያ፣ በወታደር ካምፕና ሙቀት በሚበረታባቸው የሥራ ቦታዎች መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ አንዳንዴ ባለቀለም ወረቀት ተለጥፎ ይታያል። ቀለሙ ከላይ ውኃ ሊመስል ጥቂት በቀረው ፈዛዛ ቢጫ ይጀምራል፣ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየደመቀ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡናማ ይሆናል። መደቦቹ ስምንት ናቸው። ሰው ሽንቱን አይቶ የሚመሳሰለውን ቁጥር ይፈልጋል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሰውነቱ ውኃ እንደጎደለው ይገምታል።

ሰንጠረዡን ያዘጋጁት የአሜሪካው ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሎውረንስ አርምስትሮንግና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት የሽንትን ቀለም በላቦራቶሪ ከሚለካው የሽንት ክምችት ጋር አስተያይተው፣ ሁለቱ አብረው ከፍና ዝቅ እንደሚሉ አሳዩ። ላቦራቶሪ በሌለበት ሜዳ ላይ ዓይን ብቻውን ግምታዊ መልስ ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። ዛሬ የሚሰራጩት የተለያዩ ቅጂዎች መስመሩን የሚያሰምሩበት ቁጥር ትንሽ ይለያያል፤ በአብዛኞቹ ግን ከ1 እስከ 3 ደህና ነው፣ 4 እና 5 ውኃ መጠጣት እንደሚያስፈልግ ይጠቁማሉ፣ 7 እና 8 ደግሞ ብዙ ፈሳሽ መጉደሉን ያመለክታሉ።

ሽንትን ቢጫ የሚያደርገው ዩሮቢሊን የሚባል ቀለም ነው። መነሻው ደም ነው፦ አንድ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ኖሮ ሲያረጅ ይፈርሳል፣ ከፍራሹ ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ነገር ይወጣል፣ ጉበት ወደ አንጀት ይልከዋል፣ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎችም ይለውጡታል። ይህን ለውጥ የሚያካሂደው የባክቴሪያ ኢንዛይም ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ለሰንጠረዡ ዋናው ቁም ነገር ግን ጤነኛ ሰው በየቀኑ የሚያስወጣው የዚህ ቀለም መጠን ብዙም አለመለዋወጡ ነው። የሚለዋወጠው ውኃው ነው። ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ አጣርተው አብዛኛውን ወደ ደም ይመልሱታል፤ በሽንት የሚወጣው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብቻ ነው። ሰውነት ውኃ ሲያጥረው አንጎል የሚያመነጨው ሆርሞን ኩላሊቶችን የበለጠ እንዲቆጥቡ ያዛቸዋል። ያው ቀለም በጥቂት ውኃ ውስጥ ሲገባ ይደምቃል።

ንባቡ ትክክል እንዲሆን የሽንቱ አያያዝም ይወስናል። መጸዳጃው ሳህን ውስጥ ያለ ውኃ ቀለሙን ስለሚያቀጥነው፣ ጥርት ባለ ብርጭቆ ወይም የላስቲክ ኩባያ ተቀብሎ፣ ከኋላው ነጭ ወረቀት አድርጎ በቀን ብርሃን ማየት ይሻላል። ቢጫ አምፖል ሁሉንም ያደምቀዋል። የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ሌሊቱን ሙሉ ሲከማች ያደረ በመሆኑ በጤነኛ ሰው ላይም ይደምቃል፤ በእሱ ብቻ መፍረድ ያሳስታል። የቀኑን አዋዋል በተሻለ የሚያሳየው ከሰዓት በኋላ ያለው ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኳታር እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ባለው ደንቧ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4፡00 እስከ 9፡30 ሰዓት፣ ከቤት ውጭ ሥራ እንዳይሠራ ትከለክላለች። ስለዚህ የግንባታ ሠራተኛ ገና ሳይነጋ፣ 11 ሰዓት ላይ ሥራ ይጀምራል እንበል። ሲነሳ ሽንቱ ቁጥር 5 ነበር፤ ይህ የጠዋት ሽንት ስለሆነ አያስገርምም። ክብደቱ 70 ኪሎ ነው። አምስት ሰዓት ሙሉ እያላበው ሲሠራ የጠጣው ግማሽ ሊትር ብቻ ነው። 4 ሰዓት ላይ የሸናው ጥቂት ነው፣ ቀለሙም 7 ሆኗል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ 68.5 ኪሎ ይላል። አምስት ሰዓት ውስጥ የጠፋ ኪሎ ተኩል ስብ ሊሆን ስለማይችል፣ የጎደለው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ውኃ ነው።

ይህ ሰው አንድ ጀሪካን አንስቶ በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ የለበትም። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተቋማት በሙቀት ለሚሠራ ሰው የሚመክሩት በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም ሩብ ሊትር ገደማ ነው፤ በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል ማለፍ እንደሌለበትም ያስጠነቅቃሉ። ጥላ ውስጥ አርፎ፣ ጨው ካለው ምግብ ጋር ቀስ እያለ ከጠጣ፣ ወደ 10 ሰዓት ሲሸና ብዛቱ ይጨምራል፣ ቀለሙም ወደ 3 ይወርዳል። ሰንጠረዡ ጥያቄውን መለሰ፦ የጎደለው ውኃ ነበር፣ ተተካ።

ቀለም ብቻውን የሚሰጠው ምስክርነት ግን ደካማ ነው። በዚህ ጉዳይ የሠሩ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ማየት ይመክራሉ፦ ጠዋት ላይ ክብደት ከወትሮው ከመቶ አንድ በላይ መቀነሱን፣ የሽንት መደመቅን እና ጥምን። አንዱ ብቻ ከታየ ብዙ አይናገርም፤ ሁለቱ ሲገጥሙ የውኃ እጥረት ሊኖር ይችላል፤ ሦስቱም ከተገኙ ጉዳዩ አያጠራጥርም ማለት ይቻላል። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ኩላሊታቸው የመቆጠብ አቅሙ ስለሚደክም ሰንጠረዡ ብዙም አያስተማምንም። በሰውነታቸው ውኃ ጎድሎ ሳለ ሽንታቸው ፈዛዛ ሊሆን ይችላል።

ፈዛዛ ቀለም ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። በላብ ብዙ ጨው ያጣ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ውኃ ሲጠጣ፣ ሽንቱ ቶሎ ይነጣል፣ ሰውነቱ ግን ገና አልተሟላም። ይባስ ብሎ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ሊቀጥን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች ከመቶ 13ቱ ሶዲየማቸው ከጤናማው መጠን ወርዶ ተገኝቷል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደናገርና መንቀጥቀጥ ከታየ ተጨማሪ ውኃ መስጠት ይጎዳል። ሌላው አሳሳች ነገር ያልታወቀ የስኳር ሕመም ነው፦ ሰውየው ሌሊት ሳይቀር ይሸናል፣ ሽንቱ የነጣ ነው፣ ጥሙ ግን አይቆርጥም።

ቀለሙ ከቢጫው መስመር ወጥቶ ምክንያቱ ቀላል የሚሆንበት ጊዜም አለ። የቫይታሚን ቢ ክኒን የዋጠ ሰው የሚያበራ ዓይነት ቢጫ ይሸናል። ቀይ ሥር የበላ ሰው በማግሥቱ ሮዝ ሊያይ ይችላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሽንቱ፣ አንዳንዴም እንባውና ላቡ ብርቱካናማ የሚሆነው ሪፋምፒሲን በተባለው መድኃኒት ምክንያት ነው። ይህ የታወቀ ስለሆነ መድኃኒቱን ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ቀለሙ ግን ለዓይን ቢጫ መሆን ማስተባበያ አይደለም፤ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ታካሚ መድኃኒቱ ጉበቱን ነክቶት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

አሁን ወደዚያው የግንባታ ቦታ እንመለስና ሁለተኛ ሠራተኛ እንጨምር። ሥራ ከጀመረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ሰውነቱ ሙቀቱን አልተላመደም፣ ሲሚንቶ ሲሸከም ውሏል። እሱም ማታ ሲሸና ቀለሙ ደማቅ ነው። ጭኑና ወገቡ ግን ከድካም በላይ ያመዋል፣ ሲነካ ጠንክሮ አብጧል፣ ከአልጋ መነሳት አቅቶታል። ሁለት ሊትር ቀስ ብሎ ጠጥቶ ከሰዓታት በኋላ ሲሸና ቀለሙ አሁንም ወተት ያልነካው ሻይ ይመስላል። የመጀመሪያው ሠራተኛ ሽንት በውኃ ፈዝዟል፤ የዚህኛው አልተበገረም። የተጎዳው ጡንቻ ሕዋሳቱ ተሰባብረው ማዮግሎቢን የተባለ ነገር ወደ ደም ለቀዋል፣ ኩላሊትንም ሊያቆም ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው እስኪነጋ ሳይጠብቅ ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ሻይ ወይም ኮካ የሚመስል ሽንት ሌሎች መነሻዎችም አሉት። ዓይን ቢጫ ሆኖ፣ ሰገራ ነጣ ብሎ፣ የሽንቱ አረፋ ራሱ ቢጫ ከሆነ የሚጠረጠረው ሕዝቡ የወፍ በሽታ የሚለው፣ የጉበት ወይም የሐሞት ችግር ነው። ሕፃን ልጅ ጉሮሮውን ወይም ቆዳውን ታሞ ከተሻለው ከሳምንታት በኋላ ፊቱ አብጦ ሽንቱ ቢጠቁር ኩላሊቱ ተቆጥቷል። ወባ ካለበት አገር የመጣ ሰው ትኩሳት ይዞት ሽንቱ ከጠቆረ፣ ቀይ የደም ሕዋሳቱ በብዛት እየፈረሱ ሊሆን ስለሚችል ይህም አጣዳፊ ነው።

ቀይ ሽንት ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ቢታይም ይመረመራል፤ ሕመም አለመኖሩ አያዘናጋ። ኢንፌክሽንና ጠጠር ብዙውን ጊዜ ያቃጥላሉ ወይም ይወጋሉ፣ የፊኛ ካንሰር ግን በተለይ ዕድሜው በገፋና ሲጋራ ባጨሰ ሰው ላይ ያለ ምንም ሕመም ደም ሊያሳይ ይችላል። በኢትዮጵያ በአዋሽ ቆላማ የአፋር አካባቢዎችና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ኩርሙክ አካባቢ የሽንት ቢልሃርዚያ ይገኛል። በተለይ ወንዝ ውስጥ የሚዋኙ ልጆች ሸንተው ሲጨርሱ የመጨረሻው ጠብታ ላይ ደም ያያሉ። በክኒን ይድናል፣ ሳይታከም ከቆየ ግን ፊኛንና ኩላሊትን ይጎዳል።

ጤና ተቋም የሚሄድ ሰው ቀለሙ መቼ እንደጀመረ፣ የበላውንና የዋጠውን፣ ምን ያህል ጠጥቶ ቀለሙ እንደተለወጠ ወይም እንዳልተለወጠ ቢናገር ምርመራውን ያሳጥራል። ባለሙያው መጀመሪያ የሚያነሣው ሽንት ውስጥ የሚነከር የወረቀት ስትሪፕ ነው፤ ደም፣ ስኳር፣ ፕሮቲንና ቢሊሩቢን በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል። የሁለተኛው ሠራተኛ ሽንት ስትሪፑ ላይ «ደም አለ» ይላል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ቀይ የደም ሕዋስ አይገኝበትም። ስትሪፑ የጡንቻውን ማዮግሎቢን ከደም መለየት ስለማይችል ነው። ላብራቶሪውም ሲኬ የተባለውን የጡንቻ ኢንዛይም በደሙ ውስጥ ይለካል፣ ሐኪሙም ውጤቱን ሳይጠብቅ በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት ይጀምራል።