ፓራሻውን መከተል ወይስ ርእስ መምረጥ? ስብከት በናታንያ ምኩራቦች

ናታንያ በእስራኤል ብዙ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። በሰንበት ምኩራብ ውስጥ በግዕዝ ጸሎት ያደጉ አዛውንትና ከአማርኛው ይልቅ ዕብራይስጡ የሚቀናቸው የልጅ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሰባኪው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማስተማር አለበት። የሳምንቱን ምንባብ ቁጥር በቁጥር ይግለጥ ወይስ ከኑሯቸው አንድ ርእስ መርጦ ጥቅሶችን ያሰባስብለት? የመጀመሪያው ገላጭ ስብከት፣ ሁለተኛው ርእሳዊ ስብከት ይባላል።

ገላጩ መንገድ ለቤተ እስራኤል አዲስ አይደለም። ሔሽቫን 29 ቀን በሚከበረው በስግድ ቄሶቹ ኦሪትን በግዕዝ ያነባሉ፤ ከዚያም ለሕዝቡ በአማርኛና በትግርኛ ይተረጉማሉ። የበዓሉ አንዱ መሠረት በነህምያ 8 እና 9 ያለው ታሪክ ነው፤ እዚያም የሕጉ መጽሐፍ ይነበባል፣ ሌዋውያኑም ሕዝቡ እንዲያስተውል ያስረዳሉ። በረቢዎቹ ልማድ ደግሞ ኦሪት በ54 ፓራሻ ተከፍሎ በዓመቱ ስለሚያልቅ፣ ሰባኪው ገና ሳይመጣ ምንባቡ ተመርጧል።

የቋንቋው ልዩነት ሲታሰብ የዚህ ጥቅም ይጎላል። ልጁ በዕብራይስጥ መጽሐፉ፣ አያቱ በአማርኛው ያንኑ ቦታ ይከተላሉ፤ አስተርጓሚውም ቀጥሎ የሚመጣውን ቁጥር አስቀድሞ ያውቃል። ርእሳዊ ስብከት ግን ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ይዘላል። አዛውንቱ አንዱን ጥቅስ ፈልገው ሳያገኙ ሰባኪው ሦስተኛው ላይ ደርሷል።

ለምሳሌ ዘኍልቍ 12ን እንውሰድ፤ በበሐዓሎትኻ ፓራሻ መጨረሻ የሚነበብ ነው። ማርያምና አሮን ሙሴን ስላገባት ኢትዮጵያዊት ሴት ያሙታል። ገላጩ ሰባኪ ከቁጥር 1 ተነሥቶ እስከ 15 ቢሄድ፣ አድማጩ በፍጥነት ሲነበብ የሚያልፈውን ያያል። ሐሜቱ በሚስቱ ይጀምርና በቁጥር 2 ወደ ሥልጣን ጥያቄ ይዞራል፤ እግዚአብሔር በሙሴ ብቻ ተናግሯልን? ከቁጥር 6 እስከ 8 ያለው መልስ ሚስቲቱን አያነሣም። በመጨረሻ ማርያም በለምጽ ተመታ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ትቆያለች፤ የተበደለው ሙሴ ራሱ ይጸልይላታል፤ ሕዝቡም እስክትመለስ አይጓዝም። ስለ ቆዳ ቀለም ሊሰማ የመጣው ወጣት፣ ሐሜት ከቅናት ጋር እንዴት እንደሚተሳሰርና ጥፋተኛም እንደሚጠበቅ ሰምቶ ይሄዳል።

ርእሳዊው ሰባኪ «ዘረኝነት» ብሎ ቢነሣ ያንኑ ቁጥር 1 ይጠቅሳል፤ ዘፍጥረት 1፥27ን፣ ዘሌዋውያን 19፥34ን፣ ምናልባትም አሞጽ 9፥7ን ይጨምራል። አደጋው በመጨረሻው ላይ ነው። አሞጽ እስራኤልን ከኢትዮጵያ ልጆች ጋር የሚያነጻጽረው በምርጫቸው የተመኩትን ሊገሥጽ ነው። ጥቅሱ ብቻውን ተቆርጦ ሲቀርብ ለኢትዮጵያ የተዘመረ ውዳሴ ይመስላል፤ ተግሣጹም ይጠፋል።

ያም ሆኖ ርእስ ግድ የሚልበት ሳምንት አለ። በሰኔ 2019 መጨረሻ የኢትዮጵያ ተወላጅ የሆነ ወጣት በሐይፋ አካባቢ በፖሊስ ጥይት ተገደለ፤ በቀጣዮቹ ቀናት በመላ አገሪቱ መንገዶች በተቃውሞ ተዘጉ። በዚያ ሰንበት ምንም እንዳልሆነ ቁጥር እየቆጠሩ ማለፍ ያዘነውን ሰው ብቻውን መተው ነበር። የሳምንቱ ፓራሻ ሑቃት የሬሳ መንጻት ሥርዓትን፣ የማርያምን ሞትና ለአሮን የተደረገውን የሠላሳ ቀን ልቅሶ ይዟል። ርእሱ ሐዘን ሊሆን፣ መልሕቁም ዘኍልቍ 20 ሊሆን ይችል ነበር። በ387 በአንጾኪያ ሕዝቡ የንጉሡን ሐውልቶች አፍርሶ ቅጣት ሲፈራ ዮሐንስ አፈወርቅም ስለ ወቅቱ ጭንቀት ሰብኳል፤ ያው ሰው የማቴዎስን ወንጌል በተከታታይ ተርጉሟል።

ገላጭ ስብከትም የራሱ ሕመም አለው። ሰባኪው በየቁጥሩ የሚያውቀውን ሁሉ ሲጨምር ክሩ ይጠፋል። ንግግሩ በሁለት ቋንቋ ከሆነ ግማሹ ሰዓት በትርጉም ያልቃል፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ፓራሻ መሸከም አይችልም፣ ዐሥር ዐሥራ አምስት ቁጥር ይበቃዋል። የተበላሸ መሆኑ የሚታወቀው አያቱና የልጅ ልጁ ከጸሎት በኋላ ምንባቡ ስለ ምን እንደነበር ሲጠየቁ ሁለት የማይገናኝ ታሪክ ሲናገሩ ነው።

የረቢዎቹ ልማድ ለርእሳዊው ቦታ ከልሎለታል። ከዮም ኪፑር በፊት ባለው ሻባት ሹቫ ስለ ንስሐ፣ ከፋሲካ በፊት ባለው ሻባት ሐጋዶል ስለ በዓሉ ሕግጋት ረዘም ያለ ድራሻ ይሰጣል። በሁለተኛው ሰንበት ከሚልክያስ ይነበባል፤ ነቢዩ ኤልያስ እንደሚላክ የሚናገረው ቃል በዕብራይስጡ 3፥23 ሲሆን በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 4፥5 ላይ ይገኛል። በሁለቱም ቋንቋ የሚያስተምር ሰባኪ ሁለቱንም ቁጥር ጮክ ብሎ ይጥራ፤ አዛውንቱም እስኪያገኙት ይጠብቅ።