ጋዋኑ «የተለጠፈ» እንዳይመስል፦ አንገት፣ እጥፋትና የትከሻ ጥላ

አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካ ሰፈር ነው። ቀን በሺፍት እየሠራ ማታ በኤክስቴንሽን የሚማር አለ፤ የምረቃው ዕለት ፈቃድ አጥቶ ሥራ ላይ የሚውልም አይጠፋም። እንዲህ ያለ ሰው ፎቶ ቤት ሄዶ ጉርድ ፎቶው ላይ ጋዋንና ቆብ ያስገባል። ችግሩ፣ አንዳንዱ ፎቶ ገና ከሩቅ ሲታይ የተለጠፈ መሆኑ ያስታውቃል። ለምን? በአንድ ምሳሌ እንየው።

የ45 ዓመት ጎልማሳ ነው እንበል። ሸሚዝና ከረባት አድርጓል። ብርሃኑ የገባው ከበሩ፣ በፎቶው ግራ በኩል ነው፤ ስለዚህ በቀኝ በኩል ያለው ጉንጩ ጨለም ብሏል። ጋዋን ስንመርጥ ብርሃኑ ከግራ የመጣ፣ ትከሻውም ወደዚያው አቅጣጫ የዞረ መሆን አለበት። ብርሃኑ ከቀኝ ከሆነ በFlip ማገላበጥ ይቻላል፤ ጋዋኑ ላይ ጽሑፍ ካለ ግን ፊደሉም አብሮ ይገለበጣል።

ቀጥሎ አንገት። የሰውየውን አንገት፣ ኮሌታና ከረባት አንነካም። ጋዋኑን ከላይ አስቀምጠን ኮሌታውን የሸፈነውን ክፍል ብቻ እናጠፋለን። ከአንገቱ በስተኋላ የሚታየው የጋዋን ጨርቅ አንገቱ ላይ ከወጣ፣ ጭንቅላቱ ጋዋኑ ላይ የተሰካ ይመስላል።

ሦስተኛው እጥፋት ነው። ጋዋኑ የቀጭን ወጣት ከሆነ ለጎልማሳ ትከሻ ይጠብባል። ወደ ጎን ብቻ ከለጠጥነው እጥፋቱ ይንሻፈፋል፣ ጨርቁም ላስቲክ ይመስላል። ስለዚህ ቁመትና ስፋቱን እኩል አሳድገን ከታች የተረፈውን እንቆርጣለን። እጥፋት ከትከሻ ተነስቶ ወደ ታች ነው የሚወርደው።

አሁን ጥላው። አዲስ ሌየር ከፍተን Multiply ላይ እናደርገዋለን፤ ለስላሳ ብሩሽ ይዘን Opacity ከ10 እስከ 20 በመቶ እናወርዳለን። የጋዋኑ ጠርዝ ሸሚዙ ላይ ቀጭን ጥላ ይጥላል። በቀኝ ያለው ትከሻ ከግራው ይጨልማል፤ አገጩም ከሥሩ ጥላ አለው። ጨርቅ ላይ ጥቁር ቀለም ይሠራል፤ ቆዳ ላይ ግን ጥቀርሻ ስለሚመስል ከራሱ ቆዳ ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ እንወስዳለን።

ቆቡ ጭንቅላት ላይ ጠልቆ ይቀመጥ፤ ጠርዙ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ቢርቅ ይበቃል። ግንባሩ ላይ ስስ ጥላ ካልጨመርንበት በአየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል።

መጨረሻ ላይ ፎቶውን አሳንሰን እንየው። ከፊቱ ቀድሞ ጋዋኑ ዓይናችን ውስጥ ከገባ፣ ጋዋኑ ከፊቱ ይልቅ ጠቁሯል ወይም ጠርቷል ማለት ነው። ጥቁረቱን ትንሽ ቀንሰን በጥቂቱ ብዥ እናደርገዋለን።

አንድ ነገር ግን እንለይ፦ ይህ ለተማረ ሰው የግድግዳ ማስታወሻ ነው። ላልተማረ ሰው ሠርቶ «ተመርቋል» ብሎ ማሳየት ግን ማታለል ነው።