አፍንጫ ሲለምድ ሽቶው ውኃ ይመስላል

ባለፈው የገበያ ቀን መራዊ ሽቶ ልንገዛ ሄደን፣ አንዱ ጓደኛችን ደጅ ቀርቶ ሦስታችን ሱቅ ገባን። አራተኛውን ጠርሙስ ስናሸት ምንም የለም! «ይኸማ ውኃ ነው» ብለን ነጋዴውን አስቀየምነው። ደጅ የቀረው ሲገባ ግን «ኧረ ሽታው ራስ ያዞራል!» አለን። ለካስ ጥፋቱ የአፍንጫችን ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአፍንጫችን ውስጥ ከላይ በኩል ያሉት የማሽተቻ ሕዋሳት አንድ ሽታ ሳያቋርጥ ሲመጣባቸው ወደ አንጎል የሚልኩትን መልእክት ይቀንሳሉ፤ አንጎልም የማይለወጠውን ሽታ ችላ ይለዋል። ስለዚህ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሽቶው የጠፋ ይመስላል። ከእሱ ጋር የሚቀራረቡ ሽታዎችም አብረው ይደበዝዛሉ። ሽንኩርት ቢያቀርቡልን ግን ወዲያው እናውቀዋለን፤ ጉንፋን ቢሆን ኖሮ ሽንኩርቱም ይጠፋብን ነበር።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከሱቁ ወጥቶ ጥቂት ደቂቃ ንጹሕ አየር መሳብ ነው። መውጣት ካልተመቸ ሽቶ ያልነካውን የገዛ ክንድ ማሽተትም ደኅና ነው። ቡና ማሽተት አፍንጫን ይመልሳል የሚሉ ነጋዴዎች አሉ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ከተራ አየር የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። (ቡናውን መጠጣት ሌላ ጉዳይ ነው!) ደግሞም በአንድ ጊዜ ከሦስት ዓይነት በላይ ባንሞክር ይሻላል።

እኛም ወጥተን ዞር ዞር ብለን ተመለስንና ይቅርታ ጠይቀን ያንኑ አራተኛውን ጠርሙስ ገዛን። ነጋዴው ግን ከዋጋው አምስት ሳንቲም እንኳ አልቀነሰልንም።