«ደርሷል» የሚለው ቃልና ያልደረሰው ገንዘብ

በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ወደ አገር ቤት ገንዘብ ስንልክ የምናየው የመጨረሻ ነገር በስልካችን መስተዋት ላይ የሚበራው አረንጓዴ ምልክት ነው። እሱን ካየን በኋላ ስልኩን ኪሳችን ከተን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁት ያ ምልክት በእርግጥ ምን እንደሚል በአሥራ አራት ቀን ውጣ ውረድ ስለተማርኩ ነው። የላኩበትን ድርጅትም ሆነ የባንኮቹን ስም አልጠቅስም። የአንዱን ስም ማንሳት ችግሩ የእሱ ብቻ እንዲመስል ያደርጋልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2025፣ ሐሙስ ማታ፣ አዲስ አበባ ያለችው እናታችን ደረጃ ላይ ወድቃ የዳሌ አጥንቷ መሰበሩን እህቴ ደውላ ነገረችኝ። ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምናው ሳይውል ሳያድር እንዲደረግ ይፈልጋሉ። ሆስፒታሉ ደግሞ 150,000 ብር ቅድመ ክፍያ ጠይቋል። እኔም ሜሪላንድ ቤቴ ቁጭ ብዬ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ለዓመታት በተጠቀምኩበት የስልክ ሐዋላ 1,500 ዶላር ወደ እህቴ የባንክ ሂሳብ ላክሁ። ምንዛሪው 126 ብር፣ የአገልግሎቱ ክፍያ 4.99 ዶላር ነበር። እህቴ ዘንድ 189,000 ብር መድረስ አለበት ማለት ነው። ደረሰኙ ላይ `Date Available: 03/01/2025` የሚል ተጽፏል። አርባ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ስልኬ `Delivered` ብሎ አበሠረኝ። እኔም ተኛሁ።

ዓርብ ጠዋት እህቴ ባንክ ሄደች። ሂሳቡ ላይ የገባ ነገር የለም። ለሐዋላው ድርጅት ደወልኩ። «በእኛ በኩል ተጠናቋል፤ ባንኩን ይጠይቁ» አሉኝ። የግብይቱን ቁጥር ለእህቴ ሰጥቻት ባንኩን ብትጠይቅ፣ «እንዲህ ያለ ቁጥር እኛ ዘንድ የለም» ተባለች። ቅዳሜም እንደዚያው። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ቀን አለፈ። እናታችን አልጋ ላይ ናት። በመጨረሻ የእህቴ ዕቁብ ሰብሳቢ አባላቱን አስፈቅደው የእሷን ዕጣ አስቀድመው ሰጧት። የጎደለውን ጎረቤት ሞላው። ሰኞ ማርች 3 እናታችን ቀዶ ሕክምናውን አደረገች። ያን ዕለት ከአንድ ትልቅ ከተማ የተላከ ዶላር ያላደረገውን አንድ የሰፈር ዕቁብ አደረገው።

የእናታችን ነገር ከተረጋጋ በኋላ «ገንዘቡ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ቀረ። እኔ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ መቆጣጠሪያ መሐንዲስ ነኝ። በእኛ ሙያ ለአንድ ቫልቭ «ተከፈት» የሚል ትእዛዝ ስንልክ ሁለት የተለያዩ መልሶች እንጠብቃለን። አንደኛው «ትእዛዝህ ደርሶኛል» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቫልቩ ላይ ከተገጠመው ማብሪያ የሚመጣ «ተከፍቻለሁ» የሚል ነው። የመጀመሪያውን እንደ ሁለተኛው ቆጥሮ ማሳያው ላይ «ክፍት» ብሎ የሚጽፍ መሐንዲስ አንድ ቀን ከተማ ያስጠማል። የሐዋላው `Delivered` የመጀመሪያው ዓይነት መልስ ሆኖ አገኘሁት።

ገንዘቡ የተጓዘበት መንገድ ሦስት እርምጃ ነበረው። የሐዋላው ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ውል ካለው አንድ ባንክ ጋር ይሠራል። ይህን ባንክ «ተቀባይ ባንክ» እንበለው። ድርጅቱ ለተቀባይ ባንክ «ለእገሊት ይህን ያህል ክፈል» የሚል መልእክት ይልካል። የእህቴ ሂሳብ ግን ሌላ ባንክ ውስጥ ነው። ስለዚህ ተቀባይ ባንክ ገንዘቡን በአገር ውስጥ የባንኮች የመተላለፊያ ሥርዓት ወደ እህቴ ባንክ ማሳለፍ አለበት። ከዚያ የእህቴ ባንክ ስምና ቁጥር አይቶ ሂሳቧ ላይ ያስገባል። ለእኔ «ደርሷል» የተባለው ተቀባይ ባንክ መልእክቱን በተቀበለ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት እርምጃዎች ወደ ስልኬ የሚመልሱት ቃል የለም።

ከዚህ የባሰው የቁጥሩ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ የራሱን መለያ ቁጥር ያወጣል። እኔ የነበረኝ የሐዋላውን ድርጅት ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር ተቀባይ ባንክ ያውቀው ይሆናል፤ የእህቴ ባንክ ግን አይቶትም አያውቅም። ስለዚህ የእህቴ ባንክ ሠራተኛ «የለም» ስትል አልዋሸችም። እህቴ ለሁለት ቀን የተመላለሰችው በተሳሳተ ቁልፍ ትክክለኛ በር ስታንኳኳ ነበር። የሚያስፈልጋት ቁጥር ገንዘቡ ከባንክ ወደ ባንክ ሲያልፍ የተሰጠው ነው፤ እሱን ለእኛ ሊነግረን የሚችለው ደግሞ ተቀባይ ባንክ ነው።

ሰኞ ማርች 3 ከስልክ ክርክር ወጥቼ ደብዳቤ ጻፍኩ። እዚህ አሜሪካ ዶድ ፍራንክ ከሚባለው የ2010 ሕግ የመነጨ፣ ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ የሚሠራ የሐዋላ ደንብ አለ። በዚህ ደንብ መሠረት ግለሰብ ለቤተሰብ ጉዳይ የላከው ገንዘብ ደረሰኙ ላይ በተጻፈው ቀን ካልደረሰ ጉዳዩ ተራ ቅሬታ ሳይሆን «ስሕተት» ይባላል። ስሕተትን ለማመልከት ከዚያ ቀን አንሥቶ 180 ቀን አለን። ድርጅቱ በ90 ቀን ውስጥ መርምሮ መጨረስ፣ ከጨረሰም በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ውጤቱን መንገር አለበት። ደብዳቤዬ አጭር ነበር። የላኪና የተቀባይ ስም፣ የግብይቱ ቁጥር፣ «ማርች 1 ይደርሳል ብላችሁ ነበር፤ አልደረሰም፤ ይህን እንደ ስሕተት ማመልከቻ መዝግቡልኝ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር፣ በመጨረሻም «ተቀባይ ባንክ ገንዘቡን ያሳለፈበትን ቁጥርና ቀን ስጡኝ» የሚል ጥያቄ። ማመልከቻው በቃልም ይቻላል። በጽሑፍ ሲሆን ግን ጉዳዩ ከስልክ አንሺዎች ወጥቶ ወደ ሌላ ክፍል ሄደ።

ሐሙስ ማርች 6 ቁጥሩ መጣ። ዓርብ እህቴ ይዛው የራሷ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ገባች። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ገንዘቡ ተገኘ። ፌብሩዋሪ 28 ገብቶ ነበር። ነገር ግን ስሙ ከሂሳቡ ስም ጋር ስላልገጠመ፣ ባንኮች ባለቤቱ እስኪጣራ ገንዘብ የሚያቆዩበት ጊዜያዊ ሂሳብ ውስጥ ተቀምጧል። ለእህቴም ሆነ ለላኪው ማንም አልነገረም።

ያልገጠመው ስም የአባታችን ስም ነው። እህቴ ሂሳቡን ስትከፍት ጸሐፊው አገር ቤት እንደተለመደው አሳጥሮ `G/MARIAM` ብሎ መዝግቦታል። እኔ እንደ ፓስፖርቴ `Gebremariam` ብዬ ጻፍኩ። ከዚህም በላይ የእህቴ ሂሳብ በሦስት ስም ሲሆን የሐዋላው ቅጽ `First Name` እና `Last Name` ብቻ ይጠይቃል፤ ስለዚህ የአያታችን ስም ቀረ። ባንክ ደብተሯ ላይ እንዳለው ልጻፍ ብል እንኳ አይቻልም ነበር። በኋላ ሞክሬ አየሁት፤ ቅጹ ያንን ሰያፍ መሥመር «ትክክለኛ ያልሆነ ፊደል» ብሎ ይመልሰዋል። አንድ አባት የወለደን ወንድምና እህት በባንክ ዓይን የሁለት ሰው ልጆች ሆንን።

የእህቴ ባንክ ገንዘቡን ለመልቀቅ የስም ማረሚያ ደብዳቤ ከተቀባይ ባንክ ጠየቀ። ተቀባይ ባንክም ይህን የሚጽፈው የሐዋላው ድርጅት ሲያዘው ነው። ገንዘቡ ተመልሶ እንዲመጣልኝ መጠየቅም እችል ነበር፤ ነገር ግን የዕቁቡ ዕዳ የሚከፈለው አዲስ አበባ ስለሆነ ማረሚያውን መረጥኩ። ሰኞ ማርች 10 ድርጅቱ ማረሚያውን ላከ። ሐሙስ ማርች 13 ሙሉው 189,000 ብር እህቴ ሂሳብ ላይ ገባ። ከላክሁ ልክ በአሥራ አራተኛው ቀን ማለት ነው።

የቀረው ክፍያው ነው። ድርጅቱ በመጀመሪያ «የተሳሳተ ስም የሰጡት እርስዎ ስለሆኑ 4.99 ዶላሩ አይመለስም» አለ። ደንቡ እዚህ ላይ ለድርጅቱ ቀዳዳ ይተውለታል፤ ስሕተቱ ላኪው ከሰጠው የተሳሳተ ወይም ያልተሟላ መረጃ የመጣ ከሆነ የአገልግሎት ክፍያውን የመመለስ ግዴታ የለበትም። እኔም ቅጹ ሰያፍ መሥመሩን አልቀበልም ሲል ፎቶ አንሥቼ ላክሁላቸው። ትክክለኛውን ስም እንዳልጽፍ የከለከለኝ ቅጻችሁ ነው አልኩ። ማርች 17 ገንዘቡን መለሱ። አምስት ዶላር ለማይሞላ ክፍያ መከራከሬ የገረማቸው ይመስለኛል። እኔ ግን የፈለግሁት ጥፋቱ የማን እንደሆነ በመዝገባቸው ላይ እንዲቀመጥ ነበር።

እንግዲህ ስለ አገልግሎቱ ፍርዴን ልስጥ። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ምንዛሪውም ከባንክ አይርቅም። በጽሑፍ ሲጠየቅ በሕጉ ይመልሳል። ጉድለቱ ግን ትንሽ አይደለም። የማያውቀውን «ደርሷል» ይላል፤ ስልክ የሚያነሡት ሠራተኞችም ያንን ቃል ከእኛ በላይ ያምኑታል። እኔ አሁንም እጠቀምበታለሁ፤ አላላኬ ግን ተለውጧል። የተቀባዩን ስም ከራሴ ጭንቅላት ሳይሆን የባንክ ደብተሩን ፎቶ አስልኬ እገለብጣለሁ። እህቴም ድርጅቱ ውል ካለው ባንክ ውስጥ ስሟ በሙሉ የተጻፈበት ሁለተኛ ሂሳብ ከፍታለች፤ በዚህም ከሦስቱ እርምጃ አንዱ ቀረ። ለአዲስ ሂሳብ መጀመሪያ ሃያ ዶላር እልክና እህቴ በዓይኗ እስክታየው እጠብቃለሁ።

ደንቡ ወሰን እንዳለው ሳልናገር አላልፍም። የሚያስገድደው እዚህ ያለውን ላኪ ድርጅት እንጂ አዲስ አበባ ያለውን ባንክ አይደለም። መዘግየቱ በማጭበርበር ወይም በማዕቀብ ምርመራ ምክንያት ከሆነም ስሕተት ላይባል ይችላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ እህቶቻችን ደግሞ ይህ ደንብ ጭራሽ አይደርስላቸውም። የቁጥሩ ነገር ግን ለሁላችንም ያው ነው። ገንዘብ ሲጠፋብን «ደረሰ ወይ?» ብለን ብንጠይቅ የምናገኘው መልስ «ደርሷል» ነው። «በየትኛው ቁጥር፣ በየትኛው ቀን፣ ወደየትኛው ባንክ አሳለፋችሁት?» ብለን ስንጠይቅ ግን መልሱን ለመስጠት አንድ ሰው መዝገብ መክፈት ግድ ይሆንበታል።

እናታችን አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች። ዕቁቡም ተከፍሏል። ቸር ይግጠመን።