ከላይ የወጣው ዋጋ ርካሹ ነው? የዋጋ ማነጻጸሪያ ድረ ገጾች ተረትና እውነታ

ተረት፦ «ከላይ የተቀመጠው ርካሹ ነው»

የሆቴል ክፍል ወይም የአውሮፕላን ትኬት ፈልጎ የዋጋ ማነጻጸሪያ ድረ ገጽ የከፈተ ሰው፣ ከሁሉም በላይ በደማቁ ተጽፎ የሚያየው አንድ ዋጋ አለ። ፍለጋው በዚያው ያለቀ ይመስለዋል። ከውጭ አገር ወደ አገር ቤት የሚመጣ ዘመድም ትኬት ሲቸግረው «የመጀመሪያውን ንካው፤ ርካሹን እሱ ራሱ አውጥቶልሃል» ተብሎ ይመከራል። ይህ ቅን ምክር ሰዎችን ብዙ ገንዘብ አስከፍሏል። ምን ያህል እንደሆነም በአንድ አገር ፍርድ ቤት ፊት ተቆጥሮ ቀርቧል።

እምነቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ድረ ገጾቹ ራሳቸውን የሚያስተዋውቁት «ዋጋ እናነጻጽርልዎታለን» እያሉ ነው። እናነጻጽራለን ያለ ሰው ደግሞ ርካሹን አስቀድሞ ያሳያል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነው። ከላይ ያለው በእርግጥ ርካሹ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ስህተቱ ያለው ቅደም ተከተሉን የሚያወጣው ዋጋ ብቻ ነው ብሎ ማመኑ ላይ ነው።

እውነታው የሚጀምረው ከገቢያቸው ነው። አነጻጻሪው ራሱ በአብዛኛው ክፍል አያከራይም፣ ትኬትም አይቆርጥም። የሚሸጡት የጉዞ ወኪሎች፣ ሆቴሎችና አየር መንገዶች ናቸው። የአነጻጻሪው ሥራ ገዢ ወደ እነሱ መላክ ሲሆን ለዚህም ሻጩ ይከፍለዋል። አንዳንዱ የሚከፍለው ሽያጩ ሲፈጸም የሚታሰብ ኮሚሽን ነው። በሆቴል ፍለጋ በጣም የተለመደው ግን የክሊክ ክፍያ ነው፤ እርስዎ ገዙም አልገዙም፣ ዋጋውን ነክተው ወደ ሻጩ ገጽ በተሻገሩ ቁጥር ሻጩ ይከፍላል። ለአንድ ክሊክ ስንት እንደሚከፍልም ሻጮቹ እርስ በርሳቸው ይጫረታሉ። ከአከራይ ኮሚሽን የሚቀበል ደላላ የትኛውን ቤት ለማሳየት እንደሚቸኩል ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ጨረታው ውዱን ሻጭ ለምን እንደሚጠቅም በቁጥር እንየው። አንድ ሆቴል ያንኑ ክፍል ለሁለት ወኪሎች በ100 ዶላር ሰጠ እንበል። የመጀመሪያው 12 ዶላር አትርፎ በ112 ይሸጣል፤ ሁለተኛው 25 አትርፎ በ125። ከ20 ክሊክ አንዱ ብቻ ወደ ግዢ ይደርሳል ብለን እናስላ። የመጀመሪያው ወኪል ከ20 ክሊክ የሚያተርፈው 12 ዶላር ስለሆነ ለአንድ ክሊክ ከ60 ሳንቲም በላይ ከከፈለ ይከስራል። ሁለተኛው ግን እስከ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም መክፈል ይችላል። ስለዚህ ብዙ የመጫረት አቅም ያለው አስወድዶ የሚሸጠው ነው። የሚጫረትበት ገንዘብ ገዢው ትርፍ አድርጎ የሚከፍለው ያው ገንዘብ ነውና።

እዚህ ላይ «ሰው ውዱን አይቶ ትቶት ይሄዳል፤ ያኔ ሻጩ ለክሊክ የከፈለው በከንቱ ይቀራል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ሁለቱ ዋጋዎች ጎን ለጎን ከታዩ ገበያው ራሱን ያርማል። ነገር ግን ውዱ ከላይ በትልቁ ተጽፎ፣ ርካሹ ደግሞ «ተጨማሪ ዋጋዎች» ከሚል ቁልፍ ጀርባ ከተደበቀ ገዢው የሚያነጻጽረው ነገር አያገኝም። ማረሚያው ሳይሠራ ይቀራል።

ይህ ግምት ብቻ ሆኖ አልቀረም። የአውስትራሊያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ትሪቫጎ የተባለውን ታዋቂ የሆቴል ዋጋ ማነጻጸሪያ ከሰሰ። ኩባንያው በቴሌቪዥን ለዓመታት ያስተዋወቀው፣ ሰዎች የፈለጉትን ሆቴል በተሻለ ዋጋ በቀላሉ እንደሚያገኙበት ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን በጥር 2020 በሰጠው ውሳኔ፣ ከላይ የሚቀመጠውን ዋጋ የሚመርጠው አልጎሪዝም ሻጩ ለክሊክ ለሚከፍለው ገንዘብ ትልቅ ክብደት እንደሚሰጥ አረጋገጠ። ከኩባንያው በራሱ መረጃ እንደታየው ከዝርዝሮቹ በ66.8 በመቶው ርካሽ አማራጭ እያለ ከላይ የተቀመጠው ውዱ ነበር። ከሦስት ዝርዝር ሁለቱ ማለት ነው።

ትሪቫጎ ይግባኝ ብሎ በዚያው ዓመት ተረታ። በ2022 የ44.7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ተወሰነበት። በዚያ ሂደት ካመነው ውስጥ አንዱን ልብ ማለት ይገባል፦ ከ2016 መጨረሻ እስከ መስከረም 2019 ባለው ጊዜ፣ ርካሽ ካልነበሩ ዋጋዎች ላይ በተነካ ክሊክ ወደ 58 ሚሊዮን ዶላር ገቢ አግኝቷል፤ በዚህም ገዢዎች ለቦታ ማስያዣ ድረ ገጾች ወደ 38 ሚሊዮን ዶላር አላግባብ ጨምረው ከፍለዋል። «የመጀመሪያውን ንካው» የሚለው ምክር በአንድ አገር፣ በአንድ ድረ ገጽ ብቻ ያስከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

ለኩባንያዎቹ ፍትሐዊ እንሁን። ከላይ የሚወጣውን በዋጋ ብቻ መምረጥ ጥሩ ላይሆን ይችላል። እጅግ ርካሽ ያለው ሻጭ ገንዘብ ለመመለስ የሚያንገላታ፣ ወይም ክፍሉ አልቆ እያለ አለ የሚል ሊሆን ይችላል። ብዙ ለመክፈል የደፈረ ሻጭም ደንበኛው መጨረሻ ላይ በርግጥ እንደሚገዛ ስለሚያውቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደረጃ አወጣጡ ብዙ ነገሮችን ማመዛዘኑ በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ ከሚመዘኑት አንዱ ሻጩ የሚከፍለው ገንዘብ ሆኖ ሳለ ለገዢው «ርካሹን ፈልገንልሃል» ማለት ነው። ይህን በማስታወቂያ ደጋግመው የሚነግሩን ሰዎች የራሳቸው አልጎሪዝም ምን እንደሚመዝን አላወቁም ብዬ ለማመን አልችልም። ለጥቆማ ኮሚሽን እየተቀበሉ በቪዲዮ «በዚህ ሊንክ ግቡ፣ የመጀመሪያውን ያዙ» የሚሉትም ከዚህ ኃላፊነት አያመልጡም።

ተረት፦ «የተሰረዘው ዋጋ ያተረፍኩትን ያሳያል»

ያው የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት ይህንንም አይቷል። ትሪቫጎ ከላይ ካስቀመጠው ዋጋ አጠገብ አንድ ከፍ ያለ ዋጋ ሰርዞ ያሳይ ነበር። ገዢው የአንድ ክፍል ሁለት ዋጋ የሚያይ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን የሚነጻጸሩት በዚያው ሆቴል ያለ ተራ ክፍልና ቅንጡ ክፍል ነበሩ። የተሰረዘ ቁጥር ስታዩ «የምን ክፍል ዋጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ገጹ ላይ ከሌለ ቁጥሩን እንዳላያችሁ ቁጠሩት።

ተረት፦ «ሁሉም ሻጮች እዚያ ላይ አሉ»

የሉም። በአብዛኛው ከአነጻጻሪው ጋር የተዋዋሉት ብቻ ናቸው ያሉት፤ የእነሱም አማራጭ ሁሉ ላይታይ ይችላል። በአውስትራሊያ የመብራት ዋጋ ያነጻጽር የነበረው አይሴሌክት በ2020 በ8.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የተቀጣው በዚህ ጉዳይ ጭምር ነው። የተዋዋላቸው ኩባንያዎች የሚያቀርቧቸውን አማራጮች ሁሉ እንደሚያነጻጽር ይናገር ነበር፤ የንግድ ስምምነቶቹ ግን ለደንበኛው የሚያሳያቸውን አማራጮች ይገድቡ ነበር። በሆቴልም በትኬትም ቢሆን ለመክፈል የማይፈልግ ሻጭ ከዝርዝሩ ውጭ ሊቀር ይችላል።

ተረት፦ «በሦስት ድረ ገጽ አይቻለሁ፤ ስለዚህ እርግጠኛ ነኝ»

ማወዳደሩ ጥሩ ልማድ ነው፤ ሦስቱ የየራሳቸው ናቸው ወይ የሚለውን ግን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። የትሪቫጎ ትልቁ ባለድርሻ ኤክስፒዲያ ነው። ካያክ የቡኪንግ ዶት ኮም ባለቤት የሆነው ኩባንያ ንብረት ነው። ስካይስካነር የቻይናው ትሪፕ ዶት ኮም ቡድን ንብረት ነው። ስም ስለተለያየ ምንጩ ተለያየ ማለት አይደለም። ከሁሉም የሚሻለው ሁለተኛ ማረጋገጫ የሆቴሉ ወይም የአየር መንገዱ የራሱ ገጽ ነው።

ተረት፦ «ስለዚህ ሁሉም አጭበርባሪ ናቸው፤ መተው ነው»

ይህም ስህተት ነው። አነጻጻሪው በመኖሩ ሻጮች እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ስማቸውን የማናውቃቸው ሻጮችም ይገኛሉ። በቀጥታ ከሻጩ መግዛትም ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። ሕጉም ዝም አላለም፦ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከሜይ 28 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት፣ ለተሻለ ቦታ ተከፍሎ ከሆነ በግልጽ ሳይነገር ውጤት ማሳየት የተከለከለ ነው፤ ደረጃው በዋናነት በምን እንደሚወጣም መገለጽ አለበት። ደንቡ ክፍያውን አልከለከለም፤ እንዲነገር ብቻ ነው ያስገደደው። የተነገረውን ማንበብ የገዢው ሥራ ሆኗል።

ለዘመድ የሚሰጠውን ምክር እንለውጠው። ገጹ ሲከፈት ቅደም ተከተሉ `Recommended` ወይም `Best` የሚል ከሆነ ድረ ገጹ የራሱን ሚዛን እየተጠቀመ ነው። `Cheapest` ወይም `Price (lowest first)` ወደሚለው ይቀየር። `Sponsored` ወይም `Ad` የተጻፈበት ሣጥን ቦታውን በገንዘብ ያገኘ ነው፤ ይታለፍ። ተጨማሪ ዋጋዎች የሚለው ቁልፍ ካለ ይከፈት።

ርካሽ የሚለውን ከመረጡ በኋላም ሌላ ወጥመድ አለ፤ ዋጋቸውን ዝቅ አድርገው ለማሳየት ሲሉ ሻንጣን፣ ግብርን ወይም የካርድ ክፍያን ከመጀመሪያው ቁጥር የሚያወጡ ሻጮች አሉና። ሁለት ሻንጣ ይዞ የሚጓዝ ሰው ያለ ሻንጣ የተቆረጠ ትኬት በ60 ዶላር ረክሶ አግኝቶ፣ ለሁለቱ ሻንጣ 150 ዶላር ቢጠየቅ በ90 ዶላር ከስሯል። ስለዚህ የሚነጻጸረው ከላይ የተጻፈው ቁጥር መሆን የለበትም፤ የካርድ ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት በመጨረሻው ገጽ የሚታየው ጠቅላላ ድምር ነው። ሁለት ሻጮችን እስከዚያ ገጽ ድረስ ወስዶ ድምሮቹን ማስተያየት ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ማነጻጸር የሚባለው ሥራም እሱ ነው።